የመብራትና የውሃ ቢል በስልክ፦ የትኛው መንገድ፣ በየትኛው ቁጥር?

ከአያት ወዲያ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በለገጣፎ በኩል የሚኖር ሰው ቢል ለመክፈል ታክሲ ተሳፍሮ ወረፋ መያዝ አይጠበቅበትም። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ፤ የንግድ ባንኩ ሲቢኢ ብር ደግሞ ከሁለቱም ቀድሞ ነበር። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ የሚነሳው ጥያቄ «በስልክ ይከፈላል ወይ?» ሳይሆን «በየትኛው ይሻላል?» የሚል ነው።

የእኔ መልስ ብዙዎችን አያስደስትም። የዋሌቱ፣ ማለትም ገንዘቡን በስልክ የሚያንቀሳቅሰው አገልግሎት፣ ስም የሚያመጣው ልዩነት ጥቂት ነው። ትልቁ ልዩነት ያለው ከዋሌቱ በስተጀርባ፣ ገንዘቡን የሚቀበለው ድርጅት ከዋሌቱ ጋር በተገናኘበት መንገድ ላይ ነው። ሚስጥር ቁጥርዎን ከማስገባትዎ በፊት የውሉን ባለቤት ስምና የሚከፈለውን ገንዘብ መጠን አውጥቶ የሚያሳይ መንገድ አለ፤ ምንም ሳያሳይ የጻፉለትን ቁጥርና ገንዘብ ይዞ የሚሄድም አለ። ምርጫው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። በከተማው ዳር ለሚኖር ሰው ደግሞ ምርጫው ከመሃል ከተማ ነዋሪ ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱን ከታች አነሳዋለሁ።

ሁለቱ መንገዶች

ማንኛውም የቢል ክፍያ ሁለት ቁጥሮችን ይፈልጋል። የመጀመሪያው ገንዘቡ ወደ የትኛው ድርጅት እንደሚሄድ የሚናገረው የድርጅቱ ኮድ ነው፤ ወኪሎች ሾርት ኮድ ይሉታል። በመተግበሪያው ላይ የድርጅቱን ስም ከዝርዝር ሲመርጡ ኮዱን አያዩትም እንጂ ከስር የሚሠራው እሱ ነው። ሁለተኛው ድርጅቱ ገንዘቡ የማን እንደሆነ የሚያውቅበት መለያ ቁጥር ነው፦ የውል ቁጥር፣ የደንበኛ ቁጥር፣ የቢል ቁጥር ወይም የቆጣሪ ቁጥር።

የመጀመሪያው መንገድ ጠይቆ የሚከፍል ነው። መለያ ቁጥሩን እንዳስገቡ ዋሌቱ የድርጅቱን መዝገብ ይጠይቃል፤ መልሱ የደንበኛው ስም፣ የወሩ ቢልና ካለም ውዝፉ ሆኖ ይመጣል። መጠኑን የሚጽፉት እርስዎ አይደሉም፤ ከመዝገቡ የመጣውን ያጸድቃሉ ወይም ይተዉታል። በዚህ መንገድ አንድ ቢል ሁለት ጊዜ ለመክፈል ይከብዳል፤ አንዴ ከተዘጋ በኋላ ሲጠየቅ «የሚከፈል ቢል የለም» ይላልና።

ሁለተኛው መንገድ ሳይጠይቅ የሚልክ ነው። የድርጅቱን ኮድ፣ መለያ ቁጥሩንና የገንዘቡን መጠን ሁሉንም እርስዎ ይጽፋሉ። ዋሌቱ ኮዱ መኖሩን ያረጋግጣል፤ መለያ ቁጥሩ ግን ለእሱ እንደ ማስታወሻ ጽሑፍ ነው፤ ትክክል ይሁን አይሁን አያውቅም። ገንዘቡ ወደ ድርጅቱ ሂሳብ ይገባል። ከዚያ በኋላ የድርጅቱ ገንዘብ ያዥ የገቢውን ዝርዝር አውጥቶ ቁጥሩን እያነበበ በየደንበኛው ስም ይመዘግባል። የተሳሳተ ቁጥር የላከ ሰው ገንዘብ አይጠፋም፤ ባለቤቱ ሳይታወቅ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እሱም በቀጣዩ ወር «አልከፈልክም» ይባላል። ሁለት ጊዜ ቢልክም ሁለቱንም ይቀበለዋል።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ማኅበራት የውሃ መግፊያውን የመብራት ወጪ፣ የጥበቃውንና የጽዳቱን መዋጮ የሚሰበስቡት ብዙ ጊዜ በሁለተኛው መንገድ ነው። እዚያ መለያ ቁጥሩ የሕንፃና የቤት ቁጥር ነው፤ አንዱ «14/203» ይጽፋል፣ ሌላው «ብሎክ 14 ቤት 203»፣ ሦስተኛው የራሱን ስም። ገንዘብ ያዧ ሦስቱንም ልትገምት ትችላለች፤ በ«203» ብቻ የመጣውን ግን እንዴት ታውቀው? በየብሎኩ 203 አለ። እንዲህ ላለው ክፍያ የአጻጻፉን ቅርጽ አንድ ጊዜ ጠይቆ በየወሩ ሳይለውጡ መጻፍ፣ ደረሰኙንም ምዝገባው እስኪያልቅ ድረስ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ስለዚህ ምርጫ ባለበት ሁሉ ጠይቆ የሚከፍለውን ይምረጡ። ሁለት ዋሌት ካለዎትና አንደኛው የውሃ ቢሉን በስም አውጥቶ ሲያሳይ ሌላው መጠን እንዲጽፉ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሁለተኛው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን የመጀመሪያው ይበልጣል።

ቁጥሩ የቱ ነው?

በአንድ የቢል ወረቀት ላይ አራት አምስት ረጃጅም ቁጥሮች ተደርድረው ይገኛሉ፤ የተሳሳተ ክፍያም በብዛት የሚነሳው ከዚህ ነው። የሚለዩት በዕድሜያቸው ነው። የቢል ቁጥር የሚኖረው ለአንድ ወር ነው፤ ያለፈውን ወር የቢል ቁጥር ከስልክዎ ማስታወሻ አውጥተው ቢያስገቡ «ተከፍሏል» ወይም «አልተገኘም» የሚል መልስ ይመጣል። የቆጣሪ ቁጥር ቆጣሪው እስኪቀየር ይቆያል፤ የተቃጠለ ቆጣሪ ሲተካ አብሮ ይለወጣል። የውል ወይም የደንበኛ ቁጥር ግን ከድርጅቱ ጋር ያለው ውል እስካለ ድረስ ይኖራል፤ ቆጣሪም ተከራይም ቢለወጥ አይለወጥም። ወር ከወር ለሚከፍሉት የድህረ ክፍያ መብራትና የውሃ ቢል በስልክዎ ሊያስቀምጡ የሚገባዎት ይህንኑ ነው።

ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያለው ሰው ነገሩ ይለይበታል። የእሱ ዋና ቁጥር የቆጣሪው ነው። ኃይል የሚሞላው በካርድ ከሆነ ገንዘብ መክፈል ብቻውን መብራት አያመጣም፤ የተገዛው ኃይል በካርዱ ላይ መጻፍና ካርዱም ቆጣሪው ውስጥ መግባት አለበት፤ ስለዚህ የዋሌቱ ጥቅም የሚወሰነው ካርዱን በምን እንደሚሞሉት ነው። ቁጥር በሚያስገቡበት ቆጣሪ ላይ ደግሞ ከክፍያው በኋላ ቶክን የሚባለው የመሙያ ቁጥር በመልእክት ይመጣል። በዓለም ላይ በስፋት በሚሠራበት ሥርዓት ቶክኑ 20 አኃዝ አለው፤ የሚሠራው ለተገዛለት ቆጣሪ ብቻ፣ እሱም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የጎረቤትዎን የቆጣሪ ቁጥር በስህተት አስገብተው ከሆነ ቶክኑን የእርስዎ ቆጣሪ መቶ ጊዜ ቢሞክሩት አይቀበለውም፤ የጎረቤትዎ ግን ይቀበለዋል። ስለዚህ ከማንም ጋር ከመሟገት በፊት ቶክኑን ለጎረቤት ሰጥቶ ገንዘቡን ከእሱ መቀበል አጭሩ መፍትሔ ነው፤ ጎረቤት ጨዋ ከሆነ።

የድርጅቱ ኮድ፦ የዳር ሰፈር ጣጣ

በመብራት በኩል ችግር የለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት አገር አቀፍ ድርጅት ስለሆነ በከተማዋ ዳር ካለው ከካራ በዚህም በዚያም ያለ ቤት የሚከፍለው ለአንድ ድርጅት ነው። ውሃ ግን እንደዚያ አይደለም። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የሚያስከፍለው የራሱን ደንበኞች ነው፤ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በሸገር ከተማ ሥር የገቡት ለገጣፎ፣ ቡራዩና ሰበታ ደግሞ የየራሳቸው የውሃ አገልግሎት ነበራቸው። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ለሁለት ድርጅት ሊከፍሉ ይችላሉ።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ አይቶ መገመትም አያዋጣም። የለገዳዲ ግድብ አዲስ አበባን የሚያጠጣው ከከተማዋ ወሰን ውጭ ሆኖ ነው። ቢሉን የሚያወጣው ውሉን የፈረመው ድርጅት ነው። እንዲያውም የአስተዳደር ወሰኑ በተለወጠበት ሰፈር ቤቱ ዛሬ በየትኛው ወረዳ እንዳለ ማወቅ በቂ አይደለም፤ ውሉ ከወሰኑ በፊት የተፈረመ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ከመተግበሪያው ዝርዝር «ውሃ» የሚለውን አይቶ የመጀመሪያውን ከመንካት፣ የቆየ የቢል ወረቀት ፈልጎ ራስጌው ላይ ያለውን የድርጅቱን ስም ማንበብ ይቀድማል።

እዚህ ላይ ጠይቆ የሚከፍለው መንገድ ያለው ብልጫ በግልጽ ይታያል። የለገጣፎውን የደንበኛ ቁጥር ለአዲስ አበባው ድርጅት ቢያስገቡ ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ «ቁጥሩ አልተገኘም» ይላል፣ ወይም በአጋጣሚ ተመሳሳይ ቁጥር ያለውን የሌላ ሰው ስም ያወጣል። ሁለቱም ከክፍያ በፊት ያስጠነቅቃሉ። ሳይጠይቅ በሚልከው መንገድ ግን ገንዘቡ ሄዶ ካለቀ በኋላ ነው የሚታወቀው።

«አልተገኘም» እና «የሚከፈል ቢል የለም» የሚሉትን መልሶችም ማምታታት አይገባም። የመጀመሪያው ቁጥሩን ወይም ድርጅቱን ተሳስተዋል ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥሩ ትክክል ሆኖ የወሩ ቢል ገና አልተጫነም ወይም ተከፍሏል ማለት ነው። በዳር ሰፈሮች ቆጣሪ አንባቢ ዘግይቶ የሚመጣበት ወይም በር ተዘግቶ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ቢሉ ይዘገያል፤ አንዳንዴም በግምት ይወጣል፣ ወይም የሁለት ወሩ ተደርቦ ይመጣል። «ቢል የለም» ያለውን እንደ ምሕረት ቆጥሮ የረሳ ሰው በሚቀጥለው ወር ይደነግጣል።

ስሙ የአከራዬ አይደለም

በመሃል ከተማ «ስሙን አይተው ያጽድቁ» ማለት በቂ ምክር ነው። በዳር ሰፈር አይበቃም። ቤቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሽጦ የመብራት ውሉ ግን በመጀመሪያው ባለቤት ስም የቀረበት ግቢ ብዙ ነው። ተከራዩ ቁጥሩን ሲያስገባ ሰምቶት የማያውቀው ስም ይወጣል፤ ይህ ስህተት ነው ወይስ ትክክል?

የሚፈታው ከስሙ ውጭ ባለ ማስረጃ ነው። የቢል ወረቀቱን ይዘው ከቆጣሪው ሥር ይቁሙ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው የቆጣሪ ቁጥር ግድግዳው ላይ ባለው ቆጣሪ ፊት ከተጻፈው ጋር ይመሳሰል እንደሆነ ይመልከቱ። ቀጥሎም በወረቀቱ ላይ ያለውን የመጨረሻ ንባብ ቆጣሪው አሁን ከሚያሳየው ጋር ያስተያዩ፤ የአሁኑ በጥቂቱ መብለጥ አለበት። ቆጣሪው ከወረቀቱ ያነሰ የሚያሳይ ከሆነ ወረቀቱ የሌላ ቆጣሪ ነው፣ ወይም ቆጣሪው ተቀይሯል፣ ወይም ንባቡ በግምት ነበር። ሁለቱ ከተስማሙ የማያውቁት ስም ቢወጣም ቁጥሩ የግቢዎ ነው፤ ስሙን ይያዙትና በየወሩ ያው ስም መውጣቱን ይጠብቁ።

አንድ ቤት፣ አንድ ወር

ነገሩን በቁጥር እንየው። ጉዳዩ ምሳሌ ነው፣ ገንዘቡም እንዲሁ። አንዲት ሴት በካራ በኩል ከግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ልትከራይ ነው፤ ቆጣሪው ለብቻዋ ነው፤ የምትገባው ጥቅምት 1 ነው። ገብታ አንድ ወር ከቆየች በኋላ አከራይዋ የውል ቁጥሩን ሰጥተው «መብራቱን አንቺው ክፈይ» ይሏታል። ቁጥሩን ስታስገባ የሚወጣው 2,045 ብር ነው። አንድ ወር ብቻ ለኖረ ሰው ብዙ ነው። ዝርዝሩን ስታይ የነሐሴ 640፣ የመስከረም 715፣ የጥቅምት 690 ብር ሆኖ ታገኘዋለች። የእሷ የመጨረሻው ብቻ ነው፤ 1,355 ብሩ ከእሷ በፊት የነበረ ውዝፍ ነው።

«የራሴን 690 ብቻ ልክፈል» ብትል መንገዱ ላይፈቅድላት ይችላል። ጠይቆ የሚከፍለው ሥርዓት መዝገቡ ያወጣውን ሙሉ መጠን ይጠብቃል፤ ቢሎቹን ለየብቻ ቢዘረዝርም በተለምዶ የሚያስቀድመው አሮጌውን ነው። 690 ብር ሳይጠይቅ በሚልከው መንገድ ብትልክ ደግሞ ገንዘቡ ወደ ነሐሴው ውዝፍ ገብቶ የራሷ ወር ሳይከፈል ሊቀር ይችላል። እዚህ ላይ ጥብቅ የሆነው መንገድ ድክመቱን ያሳያል፤ ከፊል ክፍያ ለሚፈልግ ሰው አይመችም።

ሊሆን የሚገባው እንዲህ ነው። አከራዩ 1,355 ብሩን ወደ እሷ ዋሌት ይልካሉ ወይም ከሚቀጥለው ኪራይ እንዲቀነስ በጽሑፍ ይስማማሉ፤ እሷም 2,045ቱን በአንድ ጊዜ ከፍላ ደረሰኙን ለሁለቱም ታስቀምጣለች። ከመክፈሏ በፊት በዋሌቷ ያለው ገንዘብ ከ2,045 ብር በላይ መሆኑን ታያለች፤ የአገልግሎት ክፍያ ካለ የሚታየው በማጽደቂያው ገጽ ላይ ነው። የዋሌት ሂሳቦች እንደ ባለቤታቸው ምዝገባ ደረጃ የቀን ገደብ ስላላቸውም፣ በዚያው ቀን ሌላ ትልቅ ክፍያ ፈጽማ ከሆነ ሊከለክላት ይችላል፤ ያ የቢሉ ጥፋት አይደለም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ጥቅምት 1 ከመድረሱ በፊት ነበር። ቢል መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም፤ ሚስጥር ቁጥር ሳያስገቡ መውጣት ይቻላል። ቤት ሊከራዩ ሲሄዱ የመብራቱንና የውሃውን የውል ቁጥር ይጠይቁ፤ እዚያው በር ላይ ቆመው ያስገቡት። ውዝፍ ካለ ቀብድ ከመስጠት በፊት ይታያል። ደላላው ፊቱን ያጠቁር ይሆናል፤ ያጥቁር።

ቆጣሪው የጋራ ቢሆን ኖሮስ? አንድ ቢል ለሦስት ቤተሰብ በሚመጣበት ግቢ ሦስቱም ለየብቻ በዋሌት ድርሻቸውን ለድርጅቱ ለመክፈል መሞከር የለባቸውም። አንድ ሰው ይከፍላል፣ ሁለቱ ድርሻቸውን ለእሱ ይልካሉ፣ እሱም የከፈለበትን የግብይት ቁጥር ለሁለቱ ያስተላልፋል። ከፋዩ አከራዩ ካልሆነ ይመረጣል የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ፤ ተከራይ የሚቆረጥበት መብራት የራሱ ስለሆነ አይረሳም።

በምን ይክፈሉ፦ በመተግበሪያ፣ በኮከብ ቁጥር ወይስ በወኪል?

መተግበሪያው የሚያሳየው ሰፊ ነው፤ ስም፣ ዝርዝር፣ ደረሰኝ፣ ያለፈ ክፍያ ሁሉ አለው። የውል ቁጥሩን ከመልእክት ቀድቶ ለመለጠፍም ያስችላል፤ ይህ ብቻውን አብዛኛውን የአኃዝ ስህተት ያስቀራል። ድክመቱ ኢንተርኔት መፈለጉ ነው። በዳር ሰፈር መብራት ሲጠፋ ቆይቶ ኔትወርኩም የሚደክምበት ጊዜ አለ።

ያኔ የኮከብ ቁጥሩ ያድናል፤ ቴሌብር `*127#`፣ ሲቢኢ ብር `*847#`፣ ኤምፔሳ `*733#` ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የድምፅ ጥሪ የሚያስኬድ ኔትወርክ ይበቃዋል፤ በተራ ስልክም ይሠራል። ነገር ግን ገጹ ጠባብ ስለሆነ ዝርዝሩ ሊያጥር ይችላል፤ እያንዳንዱ ገጽም የሚጠብቅዎት ለአጭር ጊዜ ነው፤ ቢል ወረቀቱን ፍለጋ መሳቢያ ሲከፍቱ ይዘጋል። ቁጥሩን ከመደወልዎ በፊት በወረቀት ላይ በሦስት በሦስት አኃዝ ከፋፍለው ይጻፉ፤ ካስገቡ በኋላም በዚያው ክፍፍል መልሰው ያንብቡት። በመሃል ቢቋረጥ ሚስጥር ቁጥሩን ካላስገቡ ምንም አልተከፈለም።

ወኪል ጋ ሄደው ገንዘብ ሰጥተው እሱ እንዲከፍልልዎ ማድረግ ቀላሉ ይመስላል። ሆኖም ወኪሉ ከራሱ ስልክ ከከፈለ ማረጋገጫው መልእክት የሚመጣው ለእሱ ስልክ ነው፤ የግብይት ቁጥሩም የተመዘገበው በእሱ ሂሳብ ነው። አንድ ነገር ቢበላሽ አቤቱታ ማቅረብ የሚችለው እሱ ነው፣ እርስዎ አይደሉም። የተሻለው ገንዘቡን በወኪሉ በኩል ወደ ራስዎ ዋሌት ገቢ ማድረግና ክፍያውን ከራስዎ ስልክ መፈጸም ነው። ስልክ መነካካት ለሚከብዳቸው እናትና አባት ይህን አድርጎ መስጠት የልጅ ሥራ ነው፤ ልጅ ሌላ ከተማ ቢሆንም የውል ቁጥሩ ካለው ከራሱ ዋሌት መክፈል ይችላል፤ ድርጅቱ የሚያየው የውል ቁጥሩን እንጂ የከፋዩን ስም አይደለም።

ለአከራይ በዋሌት ልኮ «እሳቸው ይክፈሉ» የሚለው አራተኛው መንገድ ነው። ይህ ቢል መክፈል አይደለም፤ ለሰው ገንዘብ መላክ ነው። በደረሰኙ ላይ የሚጻፈው የአከራዩ ስም ብቻ ስለሆነ መብራቱ ቢቆረጥ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ማስረጃ አይሆንም። አከራዩ የውል ቁጥሩን ለመስጠት ፈቃደኛ ካልሆኑ ቢያንስ የከፈሉበትን ደረሰኝ በየወሩ ይጠይቁ።

ገንዘቡ ወጣ፣ መልእክት አልመጣም

ጠይቆ የሚከፍለውም መንገድ የሚሰናከልበት ቦታ አለው። ሚስጥር ቁጥሩን አስገብተው ዋሌቱ ገንዘቡን ቀንሶ ለድርጅቱ ሲያሳውቅ፣ የድርጅቱ ሥርዓት መልስ ሳይሰጥ ሊዘገይ ይችላል። ስልክዎ ላይ «በሂደት ላይ» ይላል ወይም ዝም ይላል። የብዙ ሰው እጅ ወዲያው እንደገና ለመክፈል ይሄዳል። ከዚያ በፊት ሁለት ነገር ብቻ ይመልከቱ፦ የዋሌትዎን ቀሪ ሂሳብና እንደገና የተጠየቀውን ቢል።

ቀሪ ሂሳቡ ቀንሶ ቢሉም ከጠፋ ክፍያው ተሳክቷል፤ የዘገየው መልእክቱ ብቻ ነው። ሂሳቡ ሳይቀንስ ቢሉ እንዳለ ከሆነ ምንም አልተፈጸመም፤ ደግመው ይክፈሉ። ሂሳቡ ቀንሶ ቢሉ አሁንም ካለ ግን እጅዎን ይሰብስቡ፤ ገንዘቡ መንገድ ላይ ነው። ወይ ወደ ድርጅቱ መዝገብ ይገባል፣ ወይ ወደ ዋሌትዎ ይመለሳል። ያኔ ደግመው ከከፈሉ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሊገባና ትርፍ ሊሆን ይችላል። በማግስቱም እንደዚያው ከሆነ የግብይት ቁጥሩን ይዘው መጀመሪያ ለዋሌቱ ያመልክቱ፤ ለቴሌብር 127 ይደወላል። ድርጅቱ መዝገቡ ላይ ያልደረሰውን ገንዘብ ሊፈልግልዎ አይችልም፤ ዋሌቱ ግን «ለድርጅቱ አስረክቤአለሁ» ወይም «አላስረከብኩም» ማለት ይችላል። አስረክቤአለሁ ካለ ከዚያ በኋላ ወደ መብራቱ 905 ወይም ወደ አዲስ አበባው ውሃ 906 ይደውላሉ።

አራተኛው ሁኔታ ብርቅ ነው፤ ሂሳብዎ አልቀነሰም፣ ቢሉ ግን ጠፍቷል። ሌላ ሰው ከፍሎልዎታል። ብዙውን ጊዜ አከራዩ ናቸው፤ አንዳንዴ ግን ቁጥሩን የተሳሳተ የማያውቁት ሰው ነው። በሚቀጥለው ወር ማስተካከያ ተደርጎ ቢሉ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ገንዘቡን ለሌላ ነገር ለማዋል አይቸኩሉ።

በሌላ ሰው ውል ላይ የገባን ገንዘብ ዋሌቱ በራሱ ሥልጣን መልሶ አይወስድም። ገንዘቡ የድርጅቱ ሆኗል፤ የሚያዛውረውም ድርጅቱ ነው፤ ለዚህም የግብይት ቁጥሩን፣ የተሳሳተውንና ትክክለኛውን የውል ቁጥር ጽፎ ማመልከት ይፈለጋል። አንድ አኃዝ ብቻ የተለያየ እንደሆነ ጎን ለጎን ጽፎ ማሳየት ነገሩን ያቀለዋል።

ደረሰኙን ሲያነቡ ሰዓቱና ቀኑ እንዳያደናግርዎ። በዋሌት መልእክት ላይ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱም ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው ነው፤ 20:15 የሚለው ምሽት 2፡15 ነው። የቢሉ ወር ግን በእኛ ወር ሊጻፍ ይችላል። «የጥቅምት ቢል» በኅዳር ተከፍሎ በደረሰኙ ላይ «ኖቬምበር» ቢነበብ የሚጋጭ ነገር የለም። የመልእክት ደረሰኝ በስልክ ብልሽት ስለሚጠፋ ከግብይት ቁጥሩ፣ ከውል ቁጥሩና ከመጠኑ ጋር በአንድ ደብተር መስመር ላይ መገልበጥ ይበቃል፤ ቤቱን ሲለቁም አከራዩ ውዝፍ አለብህ ቢሉ የሚያወጡት ያንን መስመር ነው።